ከፋኑ ሥር ለሚተኙት፦ ለሕንፃ ባለቤቶች፣ ለአማካሪ መሐንዲሶችና ለመጠቀሚያ ፈቃድ ሰጪዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጣሪያ ላይ የተተከለ ፋን ከሥሩ ያለውን ነዋሪ የሚያውከው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አየሩንና ሶሌታውን አልፎ የሚገባው ድምፅ ነው። ሁለተኛው ከፋኑ እግር ተነሥቶ ሶሌታውን፣ ቢሙንና ኮለኑን ይዞ የሚወርደው ንዝረት ነው። ለአንዱ የሚደረገው ለሌላው አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ምድር ቤቱ ምግብ ቤት፣ የላይኛው ፎቅ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ብዙ ነው። የማዕድ ቤቱን ጭስ የሚስበው ፋንም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከመኝታ ክፍል ራስጌ በላይ ነው።

ችግሩን የሚያብሰው የሶሌታው ቅለት ነው። መደበኛ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ቀላል ኮንክሪት ከ2,000 ኪሎ በታች ነው። በፓሚስ ብሎኬት የተሞላ ሪብ ሶሌታም እንዲሁ ቀላል ነው፤ በብሎኬቱ ላይ የሚፈሰው ኮንክሪት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና። እንዲህ ያለ ሶሌታ በረጅም ርቀት ሲዘረጋ ራሱ እንደ ሞላ ይረግባል። የንዝረት መከላከያ ካታሎግ «90 በመቶ ይቀንሳል» ሲል ግን ወለሉ ፈጽሞ እንደማይንቀሳቀስ ቆጥሮ ነው። ቀላል ሶሌታ ላይ ያ ቁጥር አይገኝም።

ምርጫው የሚጀምረው ከሁለት ቁጥሮች ነው። የመጀመሪያው የፋኑ ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ 600 ዙር የሚዞር ፋን በሰከንድ 10 ጊዜ ይገፋል፣ ማለትም 10 ኸርዝ ነው። ሁለተኛው ከፋኑ ሥር የሚገባው ጎማ ወይም ሞላ በክብደቱ ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደሚረግብ ነው። የፋኑና የሞላው የራሳቸው ድግግሞሽ የሚገኘው በዚህ ቀመር ነው፦

f = 15.8 ÷ √d

እዚህ ላይ d በሚሊ ሜትር የተለካው እርግበት፣ f ደግሞ በኸርዝ የሚወጣው ውጤት ነው። የፋኑ ድግግሞሽ ከዚህ ውጤት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ካልበለጠ መከላከያው ብዙ አይረዳም። ከ1.4 እጥፍ ካነሰ ደግሞ ንዝረቱን ያጎላዋል።

8 ሜትር በተዘረጋ ሪብ ሶሌታ መካከል ላይ የተቀመጠ፣ ከነሞተሩና ከነፍሬሙ 400 ኪሎ የሚመዝን፣ በደቂቃ 600 ዙር የሚዞር ፋን ይወሰድ። ሶሌታው በራሱ 7 ኸርዝ አካባቢ ይርገበገባል እንበል። ከእግሩ ሥር 3 ሚሊ ሜትር የሚረግብ ጎማ ቢገባ ስሌቱ 9.1 ኸርዝ ይሰጣል። ይህ ከፋኑ 10 ኸርዝ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም፤ ጎማው ንዝረቱን በመቀነስ ፈንታ ሦስት እጥፍ አብዝቶ ወደ ሶሌታው ይልካል። ያለ ጎማ ቢታሰር ይሻል ነበር። 25 ሚሊ ሜትር የሚረግብ ሞላ 3.2 ኸርዝ ይሰጣል፤ በማይንቀሳቀስ ወለል ላይ የሚያሳልፈው 11 በመቶ ነው። ያለፈው ግን የሚያርፈው 7 ኸርዝ የሚርገበገብ ሶሌታ ላይ ነው፤ 7 ደግሞ ለ10 ቅርብ ስለሆነ ሶሌታው የደረሰውን ያሳድገዋል። ስለዚህ እዚህ ቦታ የሚበቃው 50 ሚሊ ሜትር የሚረግብ ሞላ ነው። ድግግሞሹ 2.2 ኸርዝ፣ የሚያሳልፈውም 5 በመቶ ገደማ ነው።

እንዲህ ለስላሳ ሞላ ላይ የቆመ ፋን እንዳይወዛወዝ ከሥሩ 400 ኪሎ የኮንክሪት መቀመጫ ሊያስፈልገው ይችላል። መቀመጫው የፋኑን እንቅስቃሴ ያረጋጋል እንጂ የሞላውን እርግበት አይተካም፤ በቀላል ሶሌታ ላይ ተጨማሪ ጭነት ስለሆነም የስትራክቸር መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይቀመጥም። ጠቅላላው 800 ኪሎ ሲሆን በአራቱ ማዕዘን እኩል አይከፈልም። ሞተሩ ባለበት በኩል በእያንዳንዱ ማዕዘን 260፣ በሌላው በኩል 140 ኪሎ ቢያርፍ፣ አራቱም 50 ሚሊ ሜትር እንዲረግቡ የፊተኞቹ በሚሊ ሜትር 5.2 ኪሎ፣ የኋለኞቹ 2.8 ኪሎ የሚችሉ መሆን አለባቸው። አራት ተመሳሳይ ሞላ ገዝቶ የገጠመ ሰው አንዱ ወገን 65፣ ሌላው 35 ሚሊ ሜትር ረግቦ ፋኑ ተንጋድዶ ያገኘዋል። ፋኑን ከሶሌታው መካከል አንሥቶ በኮለኖች አጠገብ ቢም ላይ ማሳረፍም ብዙ ይጠቅማል፤ በንድፍ ጊዜ ከተወሰነም ዋጋው ኢምንት ነው።

በትክክል የተመረጠ ሞላ በገጠማ ይበላሻል። ለማጓጓዣ የታሰረው ቡሎን ሳይፈታ ይቀራል፤ ሊሾ ሲፈስ ከፍሬሙ ሥር ስሚንቶ ይገባል፤ የሞተሩ መስመር በግትር ኮንዲዩት ይታሰራል፤ ዳክቱ ያለ ሸራ መጋጠሚያ በቀጥታ ይበየዳል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ንዝረቱን ለማሻገር ይበቃል። ማጣራቱ ቀላል ነው። ፋኑ ቆሞ በእጅ ሲገፋ ለስልሶ መወዛወዝና መመለስ አለበት። ከፍሬሙ ሥር ካርቶን ከዳር እስከ ዳር ሳይደናቀፍ ማለፍ አለበት። የሞላው ያልተጫነ ቁመት ከተጫነው ጋር በሜትር ሲለካ ልዩነቱ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ጣሪያ ላይ ነፋስ ስላለ፣ በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦችም እስከ አዲስ አበባ ስለተሰሙ፣ ሞላው መገደቢያ ያስፈልገዋል፤ መገደቢያው ግን በአዘቦት ቀን ፍሬሙን መንካት የለበትም።

ፋኑ ሲጠፋና ዙሩ ሲቀንስ ከታች ባለው ክፍል ሆኖ ማዳመጥ ብዙ ይናገራል። ጉርምርምታው በአንድ ፍጥነት ላይ ድንገት ጎልቶ ከዚያ ከጠፋ ሶሌታው ያስተጋባበት ፍጥነት ያ ነው። በምሳሌው ይህ በደቂቃ 420 ዙር ላይ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በድራይቭ የሚቀያየር ከሆነ ድራይቩ ያን ፍጥነት እንዲዘል መሞላት አለበት። ክንፉ ላይ የተጋገረ ቅባትም ሚዛኑን ስለሚያዛባ ከሁሉ በፊት ይጸዳል።

ሞላ በአየር የሚመጣውን ድምፅ አይነካውም። 12 ክንፍ ያለው ይኸው ፋን 120 ኸርዝ ላይ ያጉረመርማል፤ የዚህ ድምፅ ሞገድ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ አይገታውም። የሶሌታ ክብደት በግማሽ ሲቀንስ መከላከያው 5 ወይም 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ይህን የሚያካክሰው በላስቲክ ማንጠልጠያ የተሰቀለ፣ ባለ ሁለት ድርብ ጂፕሰም፣ ከላዩ ሮክ ዎል የተነጠፈበት ኮርኒስ ነው። ዳክቱ ሶሌታውን የሚያልፍበት ክፍተትም በለስላሳ ማሸጊያ ይደፈናል። የጭስ ዳክት ውስጡን በድምፅ መምጠጫ መሸፈን ግን ክልክል ሊሆን ይገባዋል፤ ቅባት ይጠጣል፣ እሳትም ይይዛል። ለዚያ የሚያገለግለው የሚታጠብ ብረት ድምፅ ማፈኛ ነው።

ሞላውን የሚመርጠውና የሚገዛው ሰው ከሥሩ አይተኛም፤ የሚተኛው ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የመመርመር መብት የለውም። ስለዚህ አማካሪው የእያንዳንዱን ማዕዘን ጭነትና እርግበት በንድፉ ላይ ይጻፍ፤ ባለቤቱ የተጻፈውን ሳይለውጥ ይግዛ፤ ፈቃድ ሰጪውም የመጠቀሚያ ፈቃዱን ከመፈረሙ በፊት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሞላውን ይለካ፣ ፋኑን አስነሥቶም ከሥሩ ባለው መኝታ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያዳምጥ።