ደንበኛው ሄደ ወይስ ካርዱ አለፈበት?

የወርሃዊ ክፍያ ሶፍትዌር እሠራለሁ። እዚህ ኮሎምበስ ስለ ቢዝነስ ስንጨዋወት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስንት ደንበኛ እንዳለው ነው፤ ስንት እንደሄደበት ግን አይቆጥርም።

አንድ የአማርኛ ፊልም በወር ክፍያ የሚያሳይ ድርጅት እንውሰድ። ወሩን በ400 ደንበኛ ጀመረ እንበል፤ 24 ሄዱ፣ 30 አዲስ ገቡ። ባለቤቱ «በ6 ጨመርን» ብሎ ደስ ይለዋል። ከ400 ሰው 24 መሄዱ ግን 6 በመቶ ነው። በየወሩ እንዲህ ከቀጠለ፣ ከነዚያ 400 ሰዎች ከዓመት በኋላ የሚቀሩት 190 ገደማ ናቸው።

የሄዱትም ሁሉ አንድ አይደሉም። ራሳቸው የሰረዙ አሉ፤ ክፍያቸው ስላልተሳካ ብቻ የተቋረጡም አሉ። እነዚህኞቹ አንዳንዴ መቋረጣቸውን እንኳ አያውቁም። ምክንያቱን ሲስተሙ ይጽፈዋል። `insufficient_funds` ካለ፣ ደመወዝ በሚገባበት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ዓርብ፣ እንደገና መሞከር ነው። `expired_card` ካለ ግን ያንኑ ካርድ ደጋግሞ መሞከር ብዙም አያዋጣም፤ ቀኑ ሳያልፍ አዲስ ካርድ እንዲያስገባ መልእክት መላክ ይሻላል።

የሰረዘውን ደግሞ «ለምን?» ብሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። መሰረዣውን መደበቅ ለእኔ ሞኝነት ነው፤ ሰውየው ባንኩ ጋ ደውሎ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ የዚያም ቅጣት የሚወድቀው ነጋዴው ላይ ነው።