የፎገራን ገበሬ «አይቆጥብም» የሚለው ማን ነው?

«ገበሬው የቁጠባ ባህል የለውም» የሚለው ስብከት ይብቃ። የፎገራ ሰው ሩዙን ሸጦ ብሩን ወረታ ካለ ባንክ ከማስገባት ወይፈን ቢገዛበት፣ ሒሳቡን ያወቀው እሱ ነው።

አንዱ ገበሬ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. 20,000 ብር ባንክ አስገባ እንበል። በ7 በመቶ ወለድ በዓመቱ 21,400 ይሆንለታል። በዚያ ዓመት ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 30 ብቻ ብለን ብንይዘው እንኳ፣ 21,400 ብሩ የሚገዛለት አምና በ16,460 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ደብተሩ ላይ 1,400 ተጨመረ፤ ከጓዳው ግን ወደ 3,540 ብር የሚያወጣ ዕቃ ጎደለ።

አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፊሸር ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ ደብተር ላይ የሚጻፈው ወለድ እውነተኛው ወለድና የሚጠበቀው የዋጋ ንረት ተደርበው የሚሰጡት ነው። ሰው ንረት ሲጠብቅ ወለዱም አብሮ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ገንዘቡን ወደ ዕቃ ያዞራል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ካደረገ በኋላ ግን ንረቱ ሲጋልብ የተራው ቆጣቢ ወለድ እዚያው ተቸንክሮ ቀረ። ልብ በሉ፣ 7 ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ሚሊዮኖች ይዞ ለመጣ ደንበኛ ባንኮች ተደራድረው ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ባለ 20,000 ብሩን ግን ማን ይደራደረዋል?

ታዲያ የጎደለው የት ገባ? በዚያው ዓመት መያዣ አቅርቦ በ16 በመቶ የተበደረው ሰው ወለዱን ከፍሎም ዕዳው ቀለጠለት። የወረታው ቆጣቢ ያጣው እሱ ኪስ ነው ያለው።