ጓጉንቸሩ የሚመሰክረው ለስሙ ነው

«ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የጓጉንቸር ምልክት ካየህ ሳትፈራ ግባ» የሚለውን ምክር ያልሰማ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ብዙም የለም። በባንክ ማስጠንቀቂያ ላይ ይጻፋል፣ በኮምፒውተር ሥልጠና ላይ ይነገራል፣ ውጭ አገር ያለ ልጅም ለእናቱ በስልክ ያስረዳበታል። ምክሩ የቆየ ነው፤ በጊዜው መጠነኛ እውነት ነበረው። ዛሬ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። የከፈተው ገጽ ቅር ያለው ሰው ቀና ብሎ ምልክቱን ሲያይ ጥርጣሬውን ይተወዋል። ያረጋጋው ምልክት ግን አጭበርባሪው ራሱ ያለ አንዳች ክፍያ ሊያስቀምጠው የሚችል ነው።

በቅድሚያ ምልክቱ በእውነት የሚያረጋግጠውን ልናገር፤ ትንሽ ነገር አይደለምና። ካፌ ተቀምጣችሁ በካፌው ዋይፋይ የባንካችሁን ድረ ገጽ ከፈታችሁ እንበል። የምትጽፉት የይለፍ ቃል በካፌው ራውተር፣ በቴሌኮሙ መስመርና በሌሎች ብዙ መሣሪያዎች አልፎ ነው ባንኩ ሰርቨር ዘንድ የሚደርሰው። አድራሻዎች በ `http://` ይጀምሩ በነበረበት ዘመን በመንገዱ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚያልፈውን ማንበብ፣ ሲፈልግም መለወጥ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የሚባል የፋየርፎክስ ተጨማሪ ፕሮግራም ወጥቶ፣ ሙያው የሌለው ሰው እንኳ ክፍት ዋይፋይ ላይ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው የፌስቡክ አካውንት በክሊክ እንዲገባበት አድርጎ ነበር። ብዙ ድረ ገጾች ወደ `https://` የተሸጋገሩት ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው።

አሁን ጓጉንቸሩ ሲታይ ሁለት ነገር ተረጋግጧል ማለት ነው። አንደኛ፣ ከስልካችሁ እስከ ሰርቨሩ ያለው ልውውጥ ተመስጥሯል፤ መሐል ላይ የገባ ሰው የሚያየው ትርጉም የለሽ ፊደል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰርቨር በአድራሻው ሳጥን ውስጥ ለተጻፈው ስም የተሰጠ ሰርተፊኬት ይዟል። የካፌው ራውተር አታልሎ ወደ ሌላ ሰርቨር ቢመራችሁ፣ ያ ሰርቨር በባንኩ ስም የተሰጠ ሰርተፊኬት ስለማይኖረው ብሮውዘሩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ያስቆማችኋል። በነገራችን ላይ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሌባ መጣ ማለት አይደለም። ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የስልኩን ቀን በእጁ ሲሞላ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የጻፈ ሰው በየድረ ገጹ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` የሚል መልእክት ይገጥመዋል፤ በስልኩ አቆጣጠር ሰርተፊኬቶቹ ሥራ የሚጀምሩት ገና ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ነዋ። ቀኑን ሲያስተካክል ይጠፋለታል።

እንግዲህ ችግሩ ያለው «ለተጻፈው ስም» ባልኩት ላይ ነው። ሰርተፊኬቱ የተሰጠው ለስሙ እንጂ ለስሙ ባለቤት ጠባይ አይደለም። ይህን ለመረዳት ሰርተፊኬት እንዴት እንደሚወጣ ማየት ይበቃል።

ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰርተፊኬት ከሚሰጡት አንዱ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። አገልግሎቱ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ሲሆን ክፍያ የለውም። አንድ ሰው በጥቂት ዶላር የዶሜይን ስም ይገዛል፣ ሰርቨር ይከራያል፣ ከዚያ ሰርቨሩ ላይ በጫነው ፕሮግራም አማካይነት ሰርተፊኬት ይጠይቃል። የድርጅቱ ኮምፒውተር «ይህን ኮድ በዚህ ስም ሥር `/.well-known/acme-challenge/` በሚባለው ቦታ አስቀምጥ» ብሎ ይመልሳል። ፕሮግራሙ ኮዱን ያስቀምጣል። ድርጅቱ ደግሞ ከተለያዩ የኢንተርኔት አቅጣጫዎች ወደዚያ አድራሻ ሄዶ ኮዱን ይፈልጋል። ካገኘው ጠያቂው ስሙን በእርግጥ ያዝዝበታል ማለት ነው፤ ሰርተፊኬቱ ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም። መታወቂያ አልተጠየቀም፣ ንግድ ፈቃድ አልታየም፣ ሰው የሚባል ፍጡር ጉዳዩን አልነካውም።

በዚህ ድርጅቱን መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ሰርተፊኬት በገንዘብ ብቻ ይገኝ በነበረበት ጊዜ ትንንሽ ድረ ገጾች ያለ ምስጠራ ነበር የሚሠሩት። አሁን የሰፈር ክሊኒክ ገጽም ተመስጥሯል፤ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ለክሊኒኩ የተከፈተው በር ለሌባውም ክፍት ነው።

አንድ ምሳሌ እንከተል። በቴሌግራም «ዲቪ ደርሶዎታል፤ ከታች ባለው ሊንክ ገብተው ያረጋግጡ» የሚል መልእክት መጣ እንበል። ሊንኩ ሲከፈት የአሜሪካ መንግሥት ዓርማ ያለበት ገጽ ይመጣል፣ ጓጉንቸሩም ቦታው ላይ ነው። አድራሻው እንዲህ ይላል፤

```
https://dvprogram.state.gov.status-check.example/et
```

መጨረሻው ላይ `.example` ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ በጽሑፍ ውስጥ ለምሳሌነት ተብሎ የተለየ፣ ለማንም የማይሸጥ ስም ነው። እውነተኛው አጭበርባሪ በዚያ ቦታ `.com` ወይም ሌላ ነገር ይኖረዋል። ትክክለኛው የዲቪ አድራሻ `dvprogram.state.gov` ነው። ሐሰተኛው ያንኑ ከፊቱ ስለደረደረ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ የለመደ ዓይን `state.gov` ላይ ሲደርስ ይረካና ይቆማል።

የድረ ገጽ ስም ግን ሥልጣኑ ያለው በቀኝ በኩል ነው። ከ `https://` ቀጥሎ የመጀመሪያውን `/` ፈልጉ፤ ከእርሱ ተነስታችሁ ወደ ግራ አንብቡ። እዚህ ላይ የምናገኘው `status-check.example` ነው፤ የተገዛው ስም ይህ ብቻ ነው። ስሙን የገዛ ሰው ከዚያ በስተግራ ያሻውን መጻፍ ይችላል፤ `dvprogram.state.gov` ብሎ ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እውነተኛውን በዚሁ መንገድ ስናነበው በ `.gov` ያልቃል፤ ይህ ደግሞ ለአሜሪካ የመንግሥት አካላት ብቻ የሚሰጥ ነው። በእኛ አገር ስሞች አንድ ክፍል መጨመር ያስፈልጋል። `gov.et` እና `com.et` የጋራ መጨረሻዎች ስለሆኑ ባለቤቱን ለማወቅ ሦስት ክፍል ይነበባል፤ የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አድራሻ `evisa.gov.et` እንደሆነው ማለት ነው።

ወደ ምሳሌው ልመለስ። ጓጉንቸሩ እዚህ ላይ አልዋሸም። `status-check.example` የሚለውን ስም የያዘ ሰው ኮዱን አስቀመጠ፣ ሰርተፊኬቱን ወሰደ፤ ሕጉ ተከብሯል። ዲቪ ሞልታ ውጤት የምትጠብቅ ልጅ የፓስፖርት ቁጥሯንና የባንክ ካርዷን እዚያ ብትሞላ መረጃው ተመስጥሮ፣ በመንገድ ማንም ሳያየው፣ ሌባው እጅ በደህና ይገባል። ፖስታው በሰም ታሽጎ ለተሳሳተ ሰው እንደተሰጠ ማለት ነው። እርግጥ የዲቪን አሠራር የሚያውቅ ሰው ከአድራሻው በፊት በመልእክቱ ይጠረጥራል፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣ ለደረሰው ሰው በኢሜይልም በቴሌግራምም አያሳውቅም፤ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ነው የሚያየው።

«ታዲያ ሰርተፊኬቱን ከፍቶ ባለቤቱን ማየት አይቻልም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይቻላል፤ ግን ብዙ አይጠቅምም። በኮምፒውተር ክሮም ላይ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ተጭኖ እስከ ሰርተፊኬቱ ዝርዝር የዘለቀ ሰው፣ የድርጅት ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው `<Not Part Of Certificate>` የሚል ነው። የድርጅቱ ስም ከሰርተፊኬቱ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በሐሰተኛ ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን በታወቁ ድረ ገጾችም ላይ የሚታይ ነው።

የድርጅቱን ማንነት በሰነድ አጣርቶ የሚሰጥ ውድ ሰርተፊኬትም አለ። ድሮ ይህን የያዘ ድረ ገጽ በአድራሻው ሳጥን ውስጥ የድርጅቱ ስም በአረንጓዴ ይጻፍለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በአሜሪካ ኬንተኪ ግዛት «ስትራይፕ» የሚባል ኩባንያ በ100 ዶላር አስመዘገበ፤ ታዋቂው የክፍያ ኩባንያ ስትራይፕ የተመዘገበው በሌላ ግዛት ስለሆነ ስሙን የከለከለው የለም። ከዚያ 77 ዶላር ጨምሮ ሰርተፊኬቱን በሕጋዊ መንገድ ወሰደ። ብሮውዘሩም የእርሱን ገጽ ከእውነተኛው ኩባንያ ሳይለይ ስሙን አሳየለት። በ2019 ክሮምና ፋየርፎክስ ስሙን ከአድራሻው ሳጥን አነሱት።

ጓጉንቸሩ ራሱም ዕድሜው እያለቀ ነው። ጉግል በ2021 ባደረገው ጥናት የምልክቱን ትክክለኛ ትርጉም የተረዱት ከተጠየቁት 11 በመቶው ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። በ2023 ክሮም ምልክቱን አንስቶ ማስተካከያ ቁልፎች የሚመስል ሌላ ምልክት ተካበት። የአሜሪካው ኤፍቢአይም በ2019 ጓጉንቸር ስላለ ብቻ ድረ ገጽን አትመኑ ብሎ አስጠንቅቋል። እኔ የሚገርመኝ የእኛ ማስጠንቀቂያዎች አሁንም «ጓጉንቸሩን ፈልጉ» ማለታቸው ነው።

በተግባር የሚረዳው ነገር ብዙ አይደለም። ገንዘብ ወይም ፓስፖርት ያለበትን ገጽ ከተላከ ሊንክ አትክፈቱ፤ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ ወይም አንድ ጊዜ አስቀምጣችሁ ከዚያ ክፈቱ። የይለፍ ቃል የሚያስታውስ ብሮውዘር ካላችሁ ለዝምታው ጆሮ ስጡ። እርሱ የሚያነጻጽረው የገጹን መልክ ሳይሆን ስሙን ነውና፣ ሁልጊዜ ራሱ ይሞላው የነበረውን ቃል ዛሬ ካልሞላላችሁ ቆም በሉ። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድም ብቻውን አያድንም፤ ሐሰተኛው ገጽ ኮዱን ተቀብሎ በዚያችው ቅጽበት እውነተኛው ባንክ ላይ ሊጠቀምበት ይችላል።

ባንኮችን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከማስጠንቀቂያ ወረቀታችሁ ላይ ጓጉንቸሩን አውጡና በምትኩ ትክክለኛ አድራሻችሁን በትልቁ ጻፉበት። ለደንበኛ የምትልኩትን ማስታወቂያም መድረሻው በማይታወቅ ባጠረ ሊንክ አትላኩ። ስሙን አንብብ የምትሉት ሰው የሚያነበው ስም ያስፈልገዋል።