የሚዛኑ መስተካከል ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም

የባንኮችን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ለጥናት መረጃነት የሚሰበስብ ተመራማሪ በቅድሚያ የሚያየው፣ ጠቅላላ ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል መሆኑን ነው። እኩል ሆኖ ካገኘው ቁጥሮቹን ወደ ትንተና ያሳልፋል። ይህ ማረጋገጫ ተገቢ ቢሆንም የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ የሰፈረው ትርፍ ወደ ካፒታል ክፍል በትክክል መዛወሩ እስካልተጣራ ድረስ፣ ሁለቱ መግለጫዎች ከአንድ መዝገብ ስለመውጣታቸው ማስረጃ የለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሁለትዮሽ የሒሳብ አያያዝ እያንዳንዱ ምዝገባ ዴቢትና ክሬዲት ስላለው፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው በማናቸውም ደረጃ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ሊገኝ ይችላል። ገና ያልተጠናቀቀ ሒሳብም ይመዝናል። በተለይ ያልተከፋፈለ ትርፍ ከሀብት ላይ ሌሎቹን በመቀነስ የተሞላ እንደሆነ፣ እኩልነቱ ከስሌቱ የመጣ እንጂ የማስረጃ ውጤት አይደለም።

አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ያብራራል። ለስሌት እንዲቀል ቁጥሮቹ አነስተኛ ተደርገው የተወሰዱ ሲሆን፣ ሁሉም በሚሊዮን ብር ናቸው። አንድ ባንክ ዓመቱን ሲጀምር የተከፈለ ካፒታሉ 100፣ ሕጋዊ መጠባበቂያው 20፣ ያልተከፋፈለ ትርፉ 44፣ በድምሩ 164 ነበር። በዓመቱ የትርፍ ድርሻ 10 ለባለአክሲዮኖች ወስኗል። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ከግብር በኋላ 24 ትርፍ ያሳያል። በዓመቱ መጨረሻ ሀብቱ 1,500፣ ዕዳው 1,320፣ ካፒታሉ 180 ሲሆን ሚዛኑ ያለ አንዳች ጉድለት ተስተካክሏል። የካፒታሉ ዝርዝርም የተከፈለ ካፒታል 100፣ ሕጋዊ መጠባበቂያ 26.5፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ 53.5 ነው።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። መነሻው 164 ላይ ትርፉ 24 ተደምሮ የትርፍ ድርሻው 10 ሲቀነስ 178 ይመጣል። መግለጫው የያዘው 180 በመሆኑ 2 ሚሊዮን ብር ምንጩ ያልታወቀ ልዩነት አለ።

የልዩነቱን ምንጭ ሕጋዊ መጠባበቂያው ይጠቁማል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት አንድ ባንክ መጠባበቂያው ከካፒታሉ ጋር እስኪተካከል ድረስ ከዓመታዊ የተጣራ ትርፉ 25 በመቶ ወደዚያ ያዛውራል። ከ24 ላይ ሊዛወር የሚገባው 6 ሲሆን፣ መጠባበቂያው ግን ያደገው በ6.5 ነው። 6.5 ደግሞ የ26 አንድ አራተኛ ነው። ስለዚህ የካፒታል ክፍሉ የተዘጋጀው ትርፉ 26 በነበረበት ጊዜ መሆኑ ይገመታል። ይህ ዓይነቱ ውጤት ሊመጣ የሚችለው፣ ለምሳሌ፣ በመዝጊያው ወቅት የተጨመረ 2 ሚሊዮን ብር የግብር ወጪ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ሲስተካከል፣ ተከፋይ ግብሩና ካፒታሉ ግን በቀድሞው ረቂቅ እንዳሉ ሲቀሩ ነው። ትክክለኛው ዕዳ 1,322፣ ካፒታሉም 178 መሆን ነበረበት። የፊተኛውም የኋለኛውም ረቂቅ ይመዝናል፤ ከሁለቱ የተውጣጣው ግን የትኛውንም ዓመት አይገልጽም።

ልዩነት በተገኘ ቁጥር ስሕተት አለ ብሎ መደምደም አይገባም። ወደ መጠባበቂያ የሚደረግ ዝውውር ያልተከፋፈለ ትርፍን ይቀንሳል እንጂ ጠቅላላ ካፒታልን አይነካም። አዲስ የተሸጠ አክሲዮን፣ በሌላ አጠቃላይ ገቢ ሥር የሚመዘገብ የዋጋ ለውጥ፣ እንዲሁም ያለፈ ዘመን ማስተካከያ ካፒታሉን ከትርፉ ውጪ ያንቀሳቅሳሉ። እነዚህ ሁሉ በካፒታል ለውጥ መግለጫ ላይ ስለሚሰፍሩ፣ ተመራማሪው ይህን መግለጫ ከሁለቱ ጋር አብሮ ሊሰበስብ ይገባል። ማብራሪያ ያልተገኘለትን ልዩነት በራሱ ግምት ከማረም ይልቅ በመረጃ ሠንጠረዡ ላይ ምልክት አድርጎበት የቀጣዩን ዓመት ሪፖርት ይመልከት። የጎላ ስሕተት ከታረመ የንጽጽር ዓምዱ የተስተካከለውን ቁጥር ይዞ ይገኛል።

ሁለቱም ማረጋገጫዎች ወሰን አላቸው። ለተበላሸ ብድር መያዝ የነበረበት መጠባበቂያ ካልተያዘ፣ ሀብቱም ትርፉም ካፒታሉም በአንድነት ይጋነናሉ፤ ሚዛኑም ይስተካከላል፣ ትርፉም ይገጥማል። ፍተሻው የሚያሳየው የመግለጫዎቹን መጣጣም እንጂ የግምቶቹን እውነተኝነት አይደለም። ይሁን እንጂ ትርፍን ለካፒታል አካፍሎ የባንኮችን ውጤታማነት የሚያነጻጽር ጥናት፣ አካፋዩና ተካፋዩ ከአንድ ሒሳብ የወጡ መሆናቸውን ሳያጣራ ወደ ድምዳሜ ሊሄድ አይገባውም። ስለሆነም የመመረቂያ ጽሑፎች በመረጃ አሰባሰብ ክፍላቸው ስንት ምልከታዎች ይህን ሁለተኛ ፍተሻ እንዳለፉና ባላለፉት ላይ ምን እንደተደረገ ቢገልጹ፣ ገምጋሚዎችም ይህንኑ ቢጠይቁ ተገቢ ነው።