«ሚሊየነር ነህ እኮ!» የሚለው ስሌት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለ የሐበሻ ሬስቶራንት ጓዳ፣ ምሳው በነጻ ነው። ከረባት ያሰረው ወጣት ስልኩን አውጥቶ ከአንዱ ታዳሚ የሰማውን ያስገባል። ዕድሜ 42፤ በ401(k) ሒሳቡ ያለው 40,000 ዶላር፤ ቀጣሪው የሚጨምርለትን ጨምሮ በወር 500 ዶላር፤ ጡረታ በ67። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «በዓመት 10 ከመቶ ትርፍ» ብሎ ይጨምርና ስክሪኑን ያዞረዋል። 1,023,000 ዶላር! «ወንድሜ፣ ሚሊየነር ነህ እኮ!» ክፍሉ ያጨበጭባል።

ይህ ስሌት የሒሳብ ስህተት የለበትም። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ስህተት ቢኖርበት ኖሮ ከታዳሚው አንዱ ያርመው ነበር።

አሥሩ ከመቶ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ከ1920ዎቹ ወዲህ በአማካይ ወደዚያ የሚጠጋ ትርፍ አስገኝቷል። ነገር ግን አማካይ ማለት በየዓመቱ የሚገባ ደመወዝ ማለት አይደለም። አንድ ሒሳብ ዘንድሮ 30 ከመቶ አድጎ በሚቀጥለው ዓመት 20 ከመቶ ቢወድቅ አማካዩ 5 ከመቶ ነው ይባላል። 100 ዶላሩ ግን 130 ሆኖ ወደ 104 ይመለሳል፤ በዓመት 2 ከመቶ እንኳ አልሞላም። በ2008 ዋናው የአክሲዮን መለኪያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ዓመት 37 ከመቶ ወርዷል። ይህ ዓይነቱ ዓመት በ43 ዓመት ዕድሜ ሲመጣ የሚነካው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ በ66 ሲመጣ ግን የዕድሜ ልክ ቁጠባን ይመታል። የስልኩ ስሌት ሁለቱን አይለያቸውም።

ሁለተኛው ነገር ዋጋ ነው። ዳቦ በ25 ዓመት ውስጥ ስንት ይሆናል? የኑሮ ውድነት በዓመት 3 ከመቶ ብቻ ቢጨምር ያ ሚሊዮን ዛሬ 489,000 ዶላር የሚገዛውን ያህል ነው የሚገዛው። የብር ነገር በየቤቱ የሚወራበት ማኅበረሰብ፣ ዶላርም ቀስ ብሎ እንደሚሟሟ ሲዘነጋ ያስገርማል።

ሐቀኛው ስሌት ከባድ አይደለም። ከታሰበው ትርፍ ላይ የዋጋ ንረቱን ቀንሶ፣ የአምናውን ሒሳብ በቀሪው ማሳደግና የዓመቱን 6,000 ዶላር መደመር ነው። 7 ከመቶ ትርፍ ታስቦ 3 ሲቀነስ 4 ይቀራል። እናም 40,000ው በመጀመሪያው ዓመት 41,600 ይሆናል፤ 6,000 ሲጨመር 47,600። ይህ 25 ጊዜ ሲደገም በዛሬ ዋጋ 356,000 ገደማ ይመጣል። እዚያ ላይ ግን መቆም አይገባም። ገበያው ቢከፋና የሚቀረው 2 ከመቶ ቢሆን 258,000 ነው፤ ቢቀናና 6 ቢሆን 501,000። ልጁ በሬስቶራንቱ ያሳየው እንግዲህ የዚህን ክልል ጣሪያ ነው፤ ለዚያውም በወደፊት ዋጋ አሳብጦ። ወለሉንና መሃሉን ደብቋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሦስቱም ቁጥሮች የሚሠሩት የወሩ 500 ዶላር ከዋጋ ጋር እኩል እያደገ ከሄደ ነው፤ የዘንድሮው 500 የከርሞ 515 መሆን አለበት። ለ25 ዓመት 500 ላይ ከቆመ መሃለኛው ቁጥር ከ356,000 ወደ 285,000 ይወርዳል። የአስተዳደር ክፍያውም አለ። ፈንዱ በዓመት 1 ከመቶ ቢወስድ 4 የነበረው 3 ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ከረባት ያሰረ ሰው ብዙ ጊዜ አያነሳም።

ድምሩን ወደ ወር ኑሮ ሲመልሱት ጭብጨባው ይበርዳል። በተለመደው ልምድ በመጀመሪያው ዓመት ከሒሳቡ 4 ከመቶ ወጪ ቢደረግ፣ ሚሊዮኑ በወር 3,400 ዶላር ይመስላል። ሐቀኛው ክልል ግን ከ860 እስከ 1,670 ነው። ይህ ከሶሻል ሴኩሪቲ በተጨማሪ ነው፣ እውነት ነው፤ ግብሩም ገና አልተቀነሰም። በ860ና በ3,400 መካከል ያለው ልዩነት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ መኖር ወይም በ70 ዓመት ዕድሜ ፓርኪንግ መጠበቅ ነው።

ሻጮቹ «ሰው ወለሉን ካየ ተስፋ ይቆርጣል» ይላሉ። ተገላቢጦሹ ነው። ሚሊዮኑን ያየ ሰው በቂ አስቀመጥኩ ብሎ ይተኛል። ወለሉን ያየ ግን ምን እንደሚቀረው ያውቃል። ገበያውን ማንም አያዝም፤ የወሩ መዋጮ ግን በእጅ ነው። ያ የ42 ዓመት ሰው በወር 200 ዶላር ቢጨምር፣ በከፋው የ2 ከመቶ ስሌት እንኳ 258,000ው ወደ 335,000 ከፍ ይላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩ ሲወጣ አንድ ታዳሚ «10ሩን አጥፋና 2 አስገባ፤ በዛሬ ዋጋ አሳየን» ቢል፣ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነው።