ባለሙያዋ ያሉትና ማጠቃለያው ያለው

የተማሪ ማኅበሮቻችን የጤና፣ የኢሚግሬሽን ወይም የግብር ውይይት ሲያዘጋጁ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይቀራል፦ የድምፅ ቅጂው፣ ከድምፁ ቃል በቃል የተጻፈው ትራንስክሪፕት፣ እና በቴሌግራም የሚላከው ባለ አንድ አንቀጽ ማጠቃለያ። ቅጂውን የሚያዳምጠው ጥቂት ሰው ነው። ትራንስክሪፕቱን የሚያነበው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ማጠቃለያው ግን ከእኛ ወደ እናቶቻችን፣ ከእናቶቻችን ወደ አክስቶቻችን ይሄዳል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የመመርመር ጊዜ ካለን መመርመር ያለበት እሱ ነው።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ማጠቃለያ ከጸሐፊው ሌላ በሆነ ሰው ከትራንስክሪፕቱ ጋር ሳይመሳከር አይለጠፍ። ማመሳከሪያውም በሁለት አቅጣጫ ይሁን፤ አንዴ ከማጠቃለያው ወደ ትራንስክሪፕቱ፣ አንዴ ከትራንስክሪፕቱ ወደ ማጠቃለያው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ብቻ እንሠራና ጨረስን እንላለን። ትልቁ አደጋ ያለው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው።

በምሳሌ ላሳይ። የሚከተለውን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያቀናበርኩት ነው፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ርዕሱ ጾምና የስኳር ሕመም ነው፤ የምትናገረው አንዲት ነርስ ናት።

14:20 ተሳታፊ፦ «እኔ የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ፣ እጾማለሁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። የጠዋቱን ትቼ ማታ ሁለቱን አንድ ላይ ብወስደውስ? ጎረቤቴ እንደዚያ ነው የምታደርገው፣ ምንም አልሆነች።»

14:50 ነርሷ፦ «እንደሱ አያድርጉ እናቴ። የሚወስዱት ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ፣ ሳይበሉ ቢቆዩም ስኳርዎ በጣም የመውረድ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ መድኃኒት ከሆነ ግን ሳይበሉ መቆየት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ ሰዓቱንም መጠኑንም ያስተካክሉልዎታል።»

15:40 አወያይ፦ «ስኳር ከወረደስ?»

15:45 ነርሷ፦ «ከሰባ በታች ከሆነና ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ፣ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ስጡት። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፤ አምቡላንስ ጥሩ።»

ከዚህ የወጣው ማጠቃለያ ደግሞ ይኸውላችሁ፦

«ባለሙያዋ የስኳር ሕመምተኞች በጾም ወቅት ለ9 ሰዓታት ሳይበሉ መቆየት እንደሚችሉ ገልጸዋል። ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው አይወርድም። የጠዋቱን መድኃኒት ወደ ማታ ማዛወር እንደሚቻልም ተጠቁሟል። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት ያስፈልጋል።»

ቆንጆ ይነበባል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ለጆሮ የሚጎረብጥ ነገር የለውም። አሁን የመጀመሪያውን ዙር እንሂድ። ማጠቃለያውን ወደ ትንንሽ ሐሳቦች እንከፍላለን፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ነገር እንጽፋለን፦ የተባለበትን ደቂቃና የተናጋሪውን ማንነት። ሁለቱን መጻፍ ያልተቻለበት ሐሳብ ይወጣል።

«ለ9 ሰዓታት» የሚለውን ስንፈልግ 14:20 ላይ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» እናገኛለን። ይህ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ማለት ነው እንጂ የዘጠኝ ሰዓት ርዝመት አይደለም። ማታ በሦስት ሰዓት እራት የበላ ሰው በማግሥቱ እስከ ዘጠኝ ከቆየ 18 ሰዓት ሙሉ አልበላም። ማጠቃለያው ጊዜውን በግማሽ ቆርጦታል። ውጭ አገር ያደግን ልጆች ይህን ስሕተት በቀላሉ እናልፈዋለን፤ ቁጥሩ ሁለቱም ጋ «ዘጠኝ» ስለሆነ ዓይናችን ተመሳከረ ብሎ ያልፋል። ከዚህም በላይ ቃሉ የተሳታፊዋ ነው። ነርሷ ስለ ሰዓት ርዝመት አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ማዛወር እንደሚቻልም ተጠቁሟል» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው። ሐሳቡ ትራንስክሪፕቱ ውስጥ አለ፤ ያለው ግን በጥያቄ መልክ ነው፣ መልሱም «እንደሱ አያድርጉ» ነው። በዚያ ላይ ጥያቄው ሁለቱን አንድ ላይ ስለ መውሰድ ነበር፤ ማጠቃለያው ይህንን እንኳ አለስልሶ «ማዛወር» አደረገው። ደቂቃውን ብቻ ጽፎ ያለፈ አመሳካሪ ይህን አይዘውም። የተናጋሪውን ማንነት ሲጽፍ ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ የሚያመጣው ፈተና አለ። «አሉ» ስንል አንድ የተከበረ ወንድ፣ አንዲት የተከበረች ሴት ወይም ብዙ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። «ተብሏል» እና «ተጠቁሟል» ደግሞ ተናጋሪውን ጭራሽ ይሰውራሉ። ዜና ስለሚመስሉ እንወዳቸዋለን፤ ነገር ግን ከባለሙያ የመጣውን ምክርና ከጎረቤት የተሰማውን ወሬ በአንድ ልብስ ያለብሷቸዋል። ስታመሳክሩ «ተ» ብሎ የሚጀምር እንዲህ ያለ ግሥ ባገኛችሁ ቁጥር «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከሌለ ግሡ ይቀየር።

«የብርቱካን» የምትለዋ ቃል ትንሽ ናት። ነርሷ ያለችው «ጭማቂ» ብቻ ነው። ብርቱካን ስሕተት አይደለም፤ ሰውም አይጎዳም። እኔ ግን አላልፋትም፤ ጸሐፊው ከሰማው ሳይሆን ከሚያውቀው እየሞላ እንደጻፈ የምትነግረን እሷ ናትና። አንዲት ጉዳት የሌላት ጭማሪ ካገኛችሁ በቀረው ጽሑፍ ላይ ጥርጣሬያችሁ ይጨምር።

የመጀመሪያው ዙር እስከዚህ ወስዶናል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከብርቱካኑ በስተቀር ፈተናውን አልፏል፤ ከ70 በታች፣ ግማሽ ብርጭቆ፣ 15 ደቂቃ፣ ሁሉም 15:45 ላይ አሉ፣ ተናጋሪዋም ነርሷ ናት። ሆኖም ዓረፍተ ነገሩ ሰው ሊያንቅ ይችላል። «ነቅቶ መዋጥ ከቻለ» የሚለው ቀርቷል፤ ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ የፈሰሰ ጭማቂ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የተጣለን ነገር ከማጠቃለያው ተነስቶ ማግኘት አይቻልም፤ ማጠቃለያው ውስጥ የለማ! ስለዚህ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ዙር ትራንስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች እናነባለን፤ የምንፈልገው ሐሳብን የሚገድቡ ቃላትን ነው፦ «ከሆነ»፣ «ብቻ»፣ «ግን»፣ «ምናልባት»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይመስለኛል»፣ «በፊት»፣ እና የአሉታ ግሦችን። ከእያንዳንዳቸው በታች እናሰምርና ማጠቃለያው ውስጥ ተርፈው እንደሆነ እናያለን። በእኛ ምሳሌ «ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ» የሚለው ውስጥ «ብቻ» ጠፍቷል። «ዕድሉ ዝቅተኛ ነው» የሚለው «አይወርድም» ሆኗል። «ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ ከሆነ ግን» የሚለው ሙሉ በሙሉ የለም፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሜትፎርሚንን ከእነዚህ ጋር ደርቦ ይወስዳል። እንዲህ ዓይነቷ እናት ማጠቃለያውን አንብባ «እኔም ሜትፎርሚን እወስዳለሁ» ብላ ትረጋጋለች። ሐኪም አነጋግሩ የሚለውም ምክር ቀርቷል።

«ማጠቃለያ እኮ የሚያሳጥር ነው፤ ሁሉንም ካስገባን ምኑን አጠቃለልነው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ማሳጠር አለብን። የምከተለው መመዘኛ ይህ ነው፦ ገደብ ሊጣል የሚችለው ከሚገድበው ሐሳብ ጋር አብሮ ብቻ ነው። ስለ ሜትፎርሚን ምንም አለመጻፍ ይቻላል። ስለ ሜትፎርሚን ጽፎ «ብቻ»ን መተው ግን አይቻልም። ቦታ ከጠበበ ሐሳቡን ከነገደቡ እናውጣው እንጂ ሐሳቡን አስቀርተን ገደቡን አንቁረጥ።

በዚህ መንገድ የታረመው ማጠቃለያ እንዲህ ይሆናል፦

«አንዲት ተሳታፊ በጾም ወቅት የጠዋቱን የስኳር መድኃኒት ትተው ማታ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ነርሷ እንደዚያ እንዳያደርጉ መለሱ። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድ ሰው ስኳሩ በጣም የመውረድ ዕድሉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ግን ሳይበሉ መቆየት አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ነርሷ አስረዱ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊትም ሐኪም ማነጋገር እንደሚያስፈልግ መከሩ። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ፣ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ብቻ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ አምቡላንስ መጥራት እንደሚገባ ተናግረዋል።»

ከመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ አሁንም ግን አንድ አንቀጽ ነው።

ትራንስክሪፕቱም ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ቁጥርና የመድኃኒት ስም ባለበት ቦታ ሁሉ ወደ ድምፁ ተመልሶ መስማት ያስፈልጋል፤ «ሰባ» እና «ሰባት» የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ ነው። 70 የሚለው ቁጥር አሜሪካ በምንጠቀምበት መለኪያ ነው፤ እንግሊዝ አገር ያለች አክስታችሁ ማሽን ያንኑ መጠን 3.9 ብሎ ያሳያታል። ነርሷ መለኪያውን አልጠራችም፤ ማጠቃለያው ደግሞ ድንበር ይሻገራል። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ስንጨምር ነርሷ እንዳለችው አድርገን ሳይሆን «የአዘጋጁ ማስታወሻ» ብለን ለብቻው እናስቀምጠው።

ይህ ሁሉ የማይፈታው ነገርም አለ። ማመሳከር ማጠቃለያው ለተናጋሪው ታማኝ መሆኑን ያሳያል እንጂ ተናጋሪው ልክ መሆኑን አያሳይም። ነርሷ ብትሳሳት እኛም ስሕተቷን በታማኝነት እናስተላልፋለን። ለዚያ ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋል።

አመሳካሪው ከጸሐፊው ሌላ ይሁን ያልኩትም በምክንያት ነው። ጸሐፊው አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ያላሰፈረውን ገደብ ጭንቅላቱ ያነብለታል። በነርሲንግ ትምህርት ሐኪም በስልክ ትእዛዝ ሲሰጥ ጽፈን መልሰን እናነብለታለን፤ መስማትና በትክክል መጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። ማኅበራችን ውስጥ ሁላችንም በትርፍ ጊዜያችን የምንሠራ መሆናችንን አውቃለሁ። ጊዜ ካጠረን አሥር ያልተመሳከሩ ዓረፍተ ነገሮች ከምንልክ፣ ደቂቃና ተናጋሪ የተጻፈላቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንላክ። አበው ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዳሉት፣ የማጠቃለያ ሥሩ ትራንስክሪፕቱ ነው።