የሚያስቀው ደረሰኙ እንጂ ሂሳብ ሠራተኛው አይሁን

የሂሳብ መዝገብ አያያዝ አገልግሎትን የሚያስተዋውቁ አጫጭር ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ልምድ ባካበቱ ባለሙያዎች፣ በተመጣጣኝ ዋጋ» ይላሉ፣ ስልክ ቁጥሩን ሁለቴ ያነባሉ፣ ያበቃሉ። ባለሱቁ ድምፁን ሰምቶት ይሆናል፤ ነገሩን ግን አልሰማውም። ስለዚህ በቀልድ ጆሮውን ለመያዝ የሚሞክሩትን እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ የቀልዱ አቀማመጥ ነው። ነጋዴ ለሂሳብ ሠራተኛ የሚያስረክበው የወረቀት ክምር ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሸጠ፣ ከማን እንደተበደረ፣ ምን እንደተረፈው፣ ባጠቃላይ ገመናውን ነው የሚያስረክበው። ያንን የሚሰጠው ለሚያስቀው ሰው ሳይሆን ለሚያምነው ሰው ነው።

ይህ ስጋት በጥናትም የታየ ነው። የማስታወቂያ ተመራማሪው ማርቲን አይዘንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ሥራ በቀልድ ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። ቀልድ ትኩረትን ይስባል፣ ማስታወቂያውን ያስወድዳል፤ በአንጻሩ የተናጋሪውን ተዓማኒነት ይቀንሳል። ከእሱ ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ዋይንበርገርና ጉላስ የተባሉ ምሁራን ከሚሸጠው ነገር ጋር የተያያዘ ቀልድ ካልተያያዘው የተሻለ እንደሚሠራ ጽፈዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፤ ቀልዱ ከሥራው ውስጥ ይመንጭ፣ ቀልደኛው ግን አገልግሎት ሰጪው አይሁን።

የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ እንውሰድ። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በቀለም አይታተምም፤ በሙቀት የሚጠቁር ወረቀት ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል። ዓመቱን ሙሉ ደረሰኙን በፌስታል አጠራቅሞ መስኮት ሥር ያስቀመጠ ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የዓመቱን ሂሳብ የሚያስታውቅበት የመጨረሻ ቀን፣ ጥቅምት 30፣ ቀርቧል። ባለሱቁ ከፌስታሉ ወረቀት እያወጣ ለሚስቱ ያሳያል። «ይቺ የስኳሩ ናት።» «እሺ።» «ይቺ ደግሞ የዘይቱ።» «ሁለቱም ባዶ ናቸው እኮ!» «ባዶ አይደሉም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።» እስከዚህ ድረስ 18 ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ከዚያ የሂሳብ ባለሙያዋ ድምፅ ይገባል፤ ረጋ ብላ፣ ሳትስቅ። «ደረሰኝዎን በየሳምንቱ ሱቅዎ መጥተን እንወስዳለን። ጽሑፉ ሳይጠፋ እንመዘግባለን፣ ኮፒውንም እናስቀምጣለን።» የድርጅቱ ስም፣ ስልክ፣ በቃ።

እዚህ ላይ የሚያስቀው የጠፋው ጽሑፍ ነው። ባለሱቁ ሞኝ አልተደረገም፤ ወረቀቱን በቃሉ የሚያውቅ፣ ለሥራው የሚቆረቆር ሰው ነው፤ የሚሰማው ነጋዴም ራሱን አይቶ ይስቃል እንጂ አይሸማቀቅም። ባለሙያዋ የምትናገረው ደግሞ ቀልዱ ያሳየውን ችግር የሚፈታ፣ ነጋዴው በሚቀጥለው ሳምንት መፈጸሙን ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ቀልዱን አውጥታችሁ ብትጥሉት እንኳ ምን እንደሚሸጥ ይታወቃል።

አሁን ያንኑ ትዕይንት አበላሹት። ባለሙያዋ ገብታ «አይዞህ፣ እኛ ካለን ግብሩም እንደ ጽሑፉ ይጠፋል!» ትበል። ሳቁ ምናልባት ከመጀመሪያው ይበልጣል። ነገር ግን ሁለት መዝገብ ይይዛል ተብሎ የሚታማ ባለሙያ ባለበት ገበያ፣ ይህች ቃል ሐሜቱን በራስ አፍ ማጽደቅ ናት። ሐቀኛው ነጋዴ ይሸሻል፤ የሚመጣው ግብር መሰወር የሚፈልገው ይሆናል። «ቀልድ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ሰሚውም ስለ ገንዘቡ የተነገረውን ሁሉ እንደ ቃል ኪዳን ይይዘዋል።

«ገንዘብ ቀልድ አያውቅም፤ ጭራሹን መተው አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ለተወሰነ ሰሚ ልክ ናቸው። የኦዲት ውሳኔ ደርሶበት ቅጣት የተቆለለበት፣ ይግባኝ ላይ ያለ ነጋዴ ባዶውን ደረሰኝ ሰምቶ አይስቅም፤ ለእሱ የሚሆነው ቀጥተኛና ቁም ነገር ያዘለ መልእክት ነው። ለዚያ አገልግሎት ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ቀልዱን ይተወው። ገና ደረሰኝ በፌስታል እያጠራቀመ ላለው ግን ደረቁ ማስታወቂያ የሚያተርፍለት አመኔታ የለም፤ ያልተሰማ ነገር አይታመንምና።

ሌላው ተቃውሞ «ቀልዱን ያስታውሳሉ፣ ድርጅቱን ይረሳሉ» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ማስታወቂያው ከመተላለፉ በፊትም ሊታወቅ ይችላል። ለጥቂት ባለሱቆች አሰሟቸው፤ በማግስቱ «አስቂኝ ነበር ወይ?» ሳይሆን «ምን እንሠራለን አሉ? ደረሰኝህንስ ትሰጣቸዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ባዶው ወረቀት ብቻ ካወሩ፣ የባልና ሚስቱን ንግግር በአንድ ምልልስ ቀንሱና ሰከንዶቹን ለባለሙያዋ ስጧት። ወረቀቱንም፣ በየሳምንቱ መምጣታችሁንም ካስታወሱ ግን እንዳለ ይተላለፍ።